«ለምን ሙያ ቀየርክ?» ሲሉ

ኦክላንድ እኔ ምግብ ቤት ያስተናግድ የነበረ ልጅ ማታ ማታ ፕሮግራሚንግ ተምሮ ሳን ሆዜ ኢንተርቪው ሄደ። «ለምን ሙያ ቀየርክ?» ሲሉት «ኮምፒውተር ስለምወድ» አለ። አላለፈም።

በሚቀጥለው ግን የሠራውን ነገራቸው። «ዋይፋይ ሲቆራረጥ ታብሌቱ ያንኑ ትእዛዝ ደግሞ ይልካል፤ ወጥ ቤት ሁለት ክትፎ ይሠራል። አስተናጋጁ ትእዛዝ ሲከፍት አንድ ቁጥር የሚሰጥ ፕሮግራም ጻፍኩ። ያው ቁጥር ተመልሶ ከመጣ ወጥ ቤት አይገባም።»

«ደንበኛው የእውነት ሌላ ክትፎ ቢያዝስ?» አሉት።

«አዲስ ትእዛዝ ነው፣ አዲስ ቁጥር ያገኛል። የምናስተያየው ቁጥሩን እንጂ የምግቡን ስም አይደለም።»

ተቀጠረ።

እናንተም ከታክሲም ሆነ ከነርስነት ስትመጡ የድሮ ሥራችሁን አትደብቁ፤ እዚያ ያያችሁትን አንድ ችግርና እንዴት እንደፈታችሁት ተናገሩ። ራሳችሁ ያልሠራችሁትን ግን አታውሩ፤ ሁለተኛው ጥያቄ ያጋልጣችኋል።