«መብራቱ ነው» አትበሉን

የፊት መለያ ሶፍትዌር ጥቁር ሰዎችን ከሌላ ሰው ጋር ያምታታል የሚል ነገር በተነሳ ቁጥር ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ አንድ መልስ አለ። «ነገሩ ፊዚክስ ነው፤ ጥቁር ቆዳ ብርሃን ይውጣል፣ ካሜራው የሚይዘው ያጣል» ይባላል። ይህን የሚሉት ሻጮቹ ብቻ ቢሆኑ ባልገረመኝ። የእኛው የቴክኖሎጂ አዋቂ ነን ባዮችም ይደጋግሙታል። መልሱ ግማሽ እውነት አለው፤ የሚያሳስተውም ለዚሁ ነው።

ግማሹን እውነት እንቀበል። ጠቆር ያለ ሰው ከብሩህ ግድግዳ ወይም ከመስኮት ፊት ቆሞ ፎቶ ሲነሳ ካሜራው ራሱን የሚያስተካክለው ለግድግዳው ነው። ፊቱ ጨለማ ይሆናል፣ የዓይንና የአፍንጫው ዝርዝር ይጠፋል። ሶፍትዌሩም «ይህን ሰው አላውቀውም» ይላል። ስልኩ አልከፈት ይለዋል፣ የኤርፖርቱ በር አያሳልፈውም። ያበሳጫል፣ አንዳንዴም ያጉላላል።

ሌላ ዓይነት ስህተት ግን አለ፤ እሱ ተቃራኒው ነው። ሶፍትዌሩ አበበን አይቶ «ይህ ከበደ ነው» ይላል። ሰው እስር ቤት የሚገባው በዚህኛው ነው። መብራት ደግሞ ይህን ስህተት አያስረዳም።

ማስረጃው ከአሜሪካ መንግሥት ራሱ ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም (ኒስት) በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት 189 ሶፍትዌሮችን ከ18 ሚሊዮን በላይ በሆኑ ፎቶዎች ፈተነ። ከፎቶዎቹ መካከል ለአሜሪካ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያመለከቱ ሰዎች ፎቶ ይገኝበታል። እነዚህ ፎቶዎች እንዴት እንደሚነሱ ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ፊት ለፊት፣ በደህና ብርሃን፣ በደንቡ መሠረት ነው። ከተመረጡት አገሮች መካከል ኢትዮጵያ፣ ኬንያና ሶማሊያም ነበሩበት። በእነዚህ ጥራት ባላቸው ፎቶዎች ላይ አንዱን ሰው ሌላ ነው የማለት ስህተት የበዛው በምዕራብና በምሥራቅ አፍሪካ እንዲሁም በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ ሆነ፤ ዝቅተኛው ደግሞ በምሥራቅ አውሮፓ ሰዎች ላይ። ልዩነቱ በብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ከ10 እስከ 100 እጥፍ ይደርሳል። ብርሃኑ ደህና ነበር፤ ስህተቱ ግን አለ።

አሁን ይህን ልብ በሉ። በዚያው ሪፖርት ውስጥ ቻይና የተሠሩ በርካታ ሶፍትዌሮች በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ ይህ ችግር አልታየባቸውም። በቻይና ፀሐይ በሌላ በኩል አትወጣም። የተለየው የተማሩባቸው ፊቶች ናቸው።

እንዴት? ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ፊት ወደ ረጅም የቁጥሮች ረድፍ ይቀይራል። ሲሠለጥን የብዙ ሺህ ሰዎች ፎቶ ይሰጠዋል፤ የአንድ ሰው ፎቶዎች ቁጥሮች እንዲቀራረቡ፣ የተለያዩ ሰዎች ደግሞ እንዲራራቁ ተደርጎ ደጋግሞ ይታረማል። አፍንጫ እይ፣ ግንባር እይ ብሎ የሚነግረው የለም። ፊቱ የቀረቡለትን ሰዎች ለመለየት የሚጠቅመውን ራሱ ይመርጣል። አብዛኞቹ ነጮች ከሆኑ ነጭን ከነጭ መለየት ይማራል። ሁለት ሐበሻ ሴቶችን እንዲለይ ተገድዶ አያውቅምና የሁለቱ ቁጥሮች ተጠጋግተው ይቀመጣሉ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ «ቻይናዎች ሁሉ አንድ ናቸው» የሚል ስንት ሰው አለ? ቻይናዎቹ አንድ ስለሆኑ አይደለም፣ እኛ ስላልለመድናቸው ነው። እረኛ ግን መቶ በግ አንድ በአንድ ይለያል።

በዚህ ላይ የማለፊያ ነጥብ የሚባል ነገር ይጨመራል። ሶፍትዌሩ ሁለት ፎቶ ሲያወዳድር የመመሳሰል ነጥብ ይሰጣል፤ ከማለፊያው በላይ ከሆነ «አንድ ሰው ናቸው» ይላል። ይህን ማለፊያ የሚወስነው ሰው ነው። ለምሳሌ ከ10,000 የተለያዩ ጥንዶች አንዱ ብቻ በስህተት እንዲያልፍ ተደርጎ ተወሰነ እንበል። የተወሰነው ግን በነጮች ፎቶ ነው። ቁጥሮቻቸው ተጠጋግተው ለተቀመጡት ሰዎች ስህተቱ 100 እጥፍ ከሆነ፣ ያው ማለፊያ ከ100 ጥንድ አንዱን ያሳልፋል ማለት ነው። በሻጩ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ግን የመጀመሪያው ቁጥር ነው።

መፈተኛውም ያው ስለነበር ለዓመታት ማንም አላየውም። ይህን ካጋለጡት አንዷ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ናት። በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ሆነው የሦስት አፍሪካና የሦስት አውሮፓ አገሮችን የፓርላማ አባላት 1,270 ፎቶዎች ሰብስበው የማይክሮሶፍትን፣ የአይቢኤምንና የቻይናውን ፌስ ፕላስ ፕላስ ፈተኑ። የፈተኑት ማንነት መለየትን ሳይሆን ቀለል ያለውን ሥራ፣ ወንድ ነው ወይስ ሴት የሚለውን ነበር። በነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ሦስቱም ከ100 አንድ እንኳ አልሳቱም። በጠቆሩ ሴቶች ላይ አይቢኤም 34.7 በመቶ ሳተ። በዓመቱ ሌላ ፍተሻ ሲደረግ የማይክሮሶፍት ስህተት በጠቆሩ ሴቶች ላይ ከ20.8 ወደ 1.5 በመቶ ወርዶ ተገኘ። የሴቶቹ ቆዳ አልነጣም። ፊዚክስም አልተሻሻለም። ኩባንያው ሲጋለጥ ሥራውን ሠራ፣ ያ ነው።

እስኪጋለጡ ድረስ የሚከፍለው ግን ሌላ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ በጥር 2020 የዲትሮይት ፖሊስ ሮበርት ዊልያምስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊን ከቤቱ ደጅ፣ በሚስቱና በልጆቹ ፊት አስሮ ወሰደው። ከሱቅ ሰዓት ሰርቀሃል ተባለ። ሶፍትዌሩ የሱቁን ካሜራ ደብዛዛ ምስል ከቆየ መንጃ ፈቃዱ ፎቶ ጋር አዛምዶት ነበር። 30 ሰዓት ገደማ ታሰረ። እዚህ ላይ ደብዛዛው ምስል ድርሻ የለውም አልልም፤ አለው። ነገር ግን ደብዛዛ ምስል በራሱ ሰው አይጠራም። «እሱ ነው» ብሎ ስም ያወጣው ሶፍትዌሩ ነው፣ ያንን እንደ ማስረጃ የያዘው ደግሞ ፖሊሱ።

«እንግዲያው የጥቁሮችን ፎቶ ጨምሩ» የሚለውም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። አይቢኤም በ2019 ስብጥሩ የሰፋ አንድ ሚሊዮን ገደማ ፊቶችን ይዞ ሲቀርብ፣ ፎቶዎቹ ሰዎች ፍሊከር ላይ የለጠፏቸው፣ ባለቤቶቹም ሳይጠየቁ የተወሰዱ ሆነው ተገኙ። በስህተት እንዳልታሰር ብዬ ፊቴን በነጻ ልስጥ?

ሁሉም ሶፍትዌር እኩል መጥፎ አይደለም። ኒስት ከብዙ ሰዎች መካከል አንዱን በመፈለግ ሥራ ላይ ልዩነታቸው ሊታይ ያልቻለ ጥቂት ምርጥ ሶፍትዌሮችንም አግኝቷል። እንግዲህ ይቻላል፤ ያልቻለው ሻጭ ሰበቡን መብራት ላይ ሊጥል አይችልም።

እዚህ አገር ፋይዳ የፊት ፎቶ ከአሥሩ ጣት አሻራና ከዓይን አይሪስ ጋር ይይዛል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ የሳተውን ሌላው ይይዛል፤ ለዚያ ብዙም አልሰጋም። የምሰጋው ፊትን ብቻ አይቶ «እሱ ነው» ወይም «አይደለም» ለሚል ማንኛውም አገልግሎት ነው፤ የባንክ መተግበሪያ ይሁን የመንገድ ካሜራ። እንዲህ ያለውን የሚገዛ መሥሪያ ቤት ውል ከመፈረሙ በፊት ሻጩን ይጠይቅልን። በኢትዮጵያውያን ፎቶ፣ በየትኛው ማለፊያ ነጥብ፣ በወንድና በሴት፣ በወጣትና በሽማግሌ ተለይቶ፣ ከስንት አንዱን ከሌላው ጋር ያምታታል? ቁጥሩን ካላመጣ አልፈተነም ማለት ነው፤ ያልፈተነውን ደግሞ በእኛ ላይ ሊፈትነው ነው።