ደረሰኝ የሌለው ክፍያ

ወገን፣ ጉቦ በጽሑፍ ሲጠየቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አይታይም። ሁሌም በአፍ ነው፤ ያውም በስሙ አይጠራም። «ለሻይ»፣ «ትንሽ ነገር»፣ «ማፋጠኛ» ነው የሚባለው። እኛም ስንበሳጭ እምቢ የምንለው በአፍ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወሬ ሆኖ ይቀራል። እምቢታው ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ጨዋታው ይቀየራል።

በምሳሌ እንየው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ሱቆች ሲፈርሱ ብዙ ነጋዴ ዕቃውን ይዞ ሌላ ቤት ፍለጋ ወጥቷል። ቤት ቢገኝም ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው አድራሻ የድሮው ስለሆነ መቀየር አለበት። አንዲት የልብስ ስፌት ባለቤት እዚያው አራዳ ውስጥ በወር 20,000 ብር አዲስ ቤት ተከራየች እንበል። ማመልከቻዋን ጥቅምት 5 ቀን አስገባች። አንዴ «ሲስተም የለም»፣ አንዴ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» እየተባለች ወር አለፈ፤ ቤቱ ተዘግቶ ኪራይ ይቆጥራል። ኅዳር 7 ቀን ኃላፊው ራሳቸው «15 ሺህ ብር ካለሽ ነገ ያልቃል» አሏት። ኅዳር 9 ቀን እንዲህ ብላ ትጽፋለች፦

«ጉዳዩ፦ የአድራሻ ለውጥ ጥያቄን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ጥቅምት 5 ቀን የኪራይ ውሌን፣ የግብር ክሊራንሴንና ነባሩን ንግድ ፈቃዴን አያይዤ ያቀረብኩት ማመልከቻ እስከ ዛሬ ምላሽ አላገኘም። ኅዳር 7 ቀን ቢሮዎ በቀረብኩ ጊዜ ጉዳዩ እንዲፋጠን 15,000 ብር እንደሚያስፈልግ ነግረውኛል። ይህ የመንግሥት የአገልግሎት ክፍያ ከሆነ በጽሑፍ ይታዘዝልኝ፤ በዚያው ቀን ከፍዬ ደረሰኜን እወስዳለሁ። ካልሆነ ግን መክፈል እንደማልችል በአክብሮት እገልጻለሁ። የጎደለ ሰነድ ካለ እንዲነገረኝ፣ ከሌለ ጥያቄዬ እንዲፈጸምልኝ፣ የማይፈጸም ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ሥራ እንደሚበዛብዎ እረዳለሁ፤ ከተራዬ እንዲቀድም አልጠየቅሁም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለቅሬታ ሰሚ፣ ለሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል»

ልብ በሉ፣ ደብዳቤው ውስጥ «ጉቦ» የሚል ቃል የለም። ፈርታ አይደለም። ምስክር ሳይኖር «ጉቦ ጠየቁኝ» ብሎ መጻፍ ነገሩን አዙሮ የስም ማጥፋት ክስ ሊያደርገው ይችላል። እሷ የጻፈችው ቀኑን፣ የብሩን መጠንና የተባለችውን ብቻ ነው። ኃላፊውም መውጫ በር አላቸው፤ «አልተግባባንም ነበር» ብለው ፋይሉን ፈርመው ሊያሳልፉት ይችላሉ። ጨዋነቱ ጥቅም አለው የምለው ለዚህ ነው፤ የምትፈልገው ፈቃዷን እንጂ ጠብ አይደለም።

ዋናው ዓረፍተ ነገር የደረሰኙ ነው። እውነተኛ የመንግሥት ክፍያ ደረሰኝ አለው። ደረሰኝ የሌለውን 15 ሺህ ብር ሂሳቧ ላይ ምን ብላ ትመዘግበዋለች?

አሁን ደብዳቤው የት ይገባል? ለኃላፊው በእጅ ከሰጠችው መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ሁለት ኮፒ ይዛ መዝገብ ቤት ትሄዳለች። አንዱ እዚያ ይቀራል፤ በእጇ በሚቀረው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይደረግበታል። ያለ ገቢ ቁጥር ደብዳቤው መድረሱን ማስረዳት አትችልም። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካላት በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ትልከዋለች፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ማስረጃ ይሆናታል። «ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ» ማለቷም ዝም ብሎ አይደለም። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ይጠይቃል። «ሲስተም የለም» ብሎ ፈርሞ መስጠት ደግሞ በአፍ እንደማለት ቀላል አይደለም።

እውነቱን እንነጋገር። ደብዳቤው ነገሩን ያፋጥነዋል ብዬ አልዋሻችሁም። ሌላ ወር ሊያስጠብቃት ይችላል፤ ያ ደግሞ ሌላ 20 ሺህ ብር ኪራይ ነው። ለዛሬ ብቻ ካሰብነው 15 ሺው ይረክሳል። ግን ንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ያንኑ ቢሮ በየዓመቱ ትመለስበታለች ማለት ነው። አንዴ ከከፈለች «ይቺ ትከፍላለች» ተብላ ትታወቃለች። ከዚያ ወዲያ ደግሞ መክሰስም ይከብዳታል፤ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ይጠይቃልና።

ስለዚህ ቤተሰባችሁ ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ካለ ይህን አሳዩት። ደብዳቤውን ሲጽፍ አጠገቡ ቁጭ በሉ፤ ቀኖቹን አብራችሁ አስታውሱ። መዝገብ ቤትም አብራችሁት ሂዱ፤ ገቢ ቁጥሩ ሳይጻፍለት እንዳይወጣ።