«ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚለው ደብዳቤና ዩሮውን የሚከፍለው ዘመድ

በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በሄግ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከአገር ቤት ከሚደርሱ ጥያቄዎች አንዱ መልኩ እምብዛም አይለወጥም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ የወንድም ወይም የእኅት ልጅ አንድ ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው በኔዘርላንድ ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ ሙሉ የነፃ ትምህርት ዕድል ማግኘቱን ያበሥራል፤ ከግርጌው ግን ለ«ቪዛ ማስፈጸሚያ»ና ለ«ፋይል መክፈቻ» ጥቂት መቶ ዩሮ በሳምንት ውስጥ እንዲከፈል ይጠይቃል። ክፍያው በዩሮ በመሆኑ ጥያቄው በቀጥታ ወደ ውጭ አገሩ ዘመድ ይመጣል። ደብዳቤው የተጻፈው በልጁ ስም ቢሆንም የታለመው የአጎቱ ወይም የአክስቱ ኪስ ነው።

በማኅበረሰባችን የተለመደው ምክር «ገንዘብ ከጠየቁህ ሌቦች ናቸው» የሚል ነው። ምክሩ ቅን ቢሆንም ደካማ ነው፤ እውነተኛው መንገድም ገንዘብ ይጠይቃልና። ይህን ምክር ብቻ የያዘ ቤተሰብ ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል፦ ወይ እውነተኛውን ዩኒቨርሲቲ ይጠረጥራል፣ ወይ ደግሞ «ሁሉም ያስከፍላል» ብሎ ለአጭበርባሪው ይከፍላል። የሚበጀው በኔዘርላንድ ምን ዓይነት ዕድል እንዳለና ገንዘቡ በምን ቅደም ተከተል ወደ ማን እንደሚሄድ ማወቅ ነው።

በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ተማሪ በስፋት የሚታወቀው የመንግሥት ድጋፍ «ኤንኤል ስኮላርሺፕ» ይባላል፤ ቀድሞ «ሆላንድ ስኮላርሺፕ» ይባል የነበረው ነው። ወጪውን የኔዘርላንድ የትምህርት ሚኒስቴርና ተሳታፊ ተቋማት ይጋሩታል። መጠኑ 5,000 ዩሮ ሲሆን የሚሰጠው አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው ተማሪው ለሚያመለክትበት ተቋም ነው። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገንዘብ ይካሄድ የነበረውና ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚያስታውሱት «ኦሬንጅ ኖውሌጅ» ደግሞ ለአጫጭር ሥልጠናና ለማስተርስ ትምህርት፣ ያውም በሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎች የታሰበ ነበር፤ አሁን አብቅቷል። በሄግ ለብዙ ወገኖቻችን በር የከፈተው የማኅበራዊ ጥናት ተቋም፣ አይኤስኤስ፣ የሚያስተምረውም ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ነው።

ስሌቱ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ተማሪ የሦስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይማር እንበል። የዓመቱን የትምህርት ክፍያ በዝቅተኛ ግምት 10,000 ዩሮ፣ የወሩን ኑሮ 1,000 ዩሮ ብናደርገው የሦስቱ ዓመት ወጪ 66,000 ዩሮ ይሆናል። 5,000 ዩሮው ከዚህ ውስጥ ከመቶ ስምንት እጅ እንኳ አይሞላም። አንዳንድ ተቋማት የራሳቸው ተጨማሪ ድጋፍ አላቸው፤ ቁጥሩ ግን ጥቂት፣ ውድድሩም ብርቱ ነው። እንግዲህ «የኔዘርላንድ መንግሥት ለመጀመሪያ ዲግሪ የሰጠው ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚል ደብዳቤ ገና ክፍያ ሳይጠይቅ በራሱ አነጋገር ሊያስጠረጥር ይገባል።

አሁን እውነተኛው ገንዘብ የሚሄድበትን መንገድ እንይ። ተማሪው የሚመዘገበው studielink.nl በተባለው አገር አቀፍ ሥርዓት ነው፤ መመዝገቢያው ራሱ አያስከፍልም። ቀጥሎ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻውን ለመመርመር 100 ዩሮ ገደማ ይጠይቃሉ። ተማሪው ከተቀበሉት በኋላ የመግቢያ ቪዛውንና የመኖሪያ ፈቃዱን ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ፣ ለአይኤንዲ፣ የሚያመለክትለት ራሱ ተቋሙ ነው። ተማሪው በግሉ ማመልከት አይችልም፤ ደላላም ሊያመለክትለት አይችልም። ለዚህም ተቋሙ በአይኤንዲ ዘንድ እውቅና ያለው መሆን አለበት፤ የእነዚህ ተቋማት መዝገብ ind.nl ላይ ለማንም ክፍት ነው። ቤተሰብን ግራ የሚያጋባው ግን የሚከተለው ነው፦ ተማሪው ለዓመት የሚበቃ የኑሮ ገንዘብ እንዳለው ማሳየት ስላለበት ብዙ ተቋማት ከ10,000 ዩሮ በላይ አስቀድሞ ወደ ራሳቸው ሒሳብ እንዲገባ ይጠይቃሉ፤ ልጁ ከደረሰ በኋላ ይመልሱለታል። ይህ ሕጋዊ አሠራር ነው።

ይህን ይዘን አንድ ምናባዊ ደብዳቤ እንመርምር። የሮተርዳም ዩኒቨርሲቲ አርማ አለበት፤ ሙሉ ክፍያና ወርኃዊ ኪስ ገንዘብ ይሰጣል፤ ለቪዛ 640 ዩሮ በአንድ ግለሰብ ስም ወደ ተከፈተ፣ በLT ፊደላት ወደሚጀምር ሒሳብ እንዲላክ ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ለልጁ ነው፦ በስቱዲሊንክ ራስህ ተመዝግበሃል? የተማሪ ቁጥርህ ስንት ነው? ያላመለከተን ሰው ማንም ዩኒቨርሲቲ አይቀበልም። ሁለተኛው የቪዛው ጉዳይ ነው፤ አመልካቹ ተቋሙ ከሆነ ግለሰቡ የሚያስፈጽመው ነገር የለም። ሦስተኛው ሒሳቡ ነው። የIBAN የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት አገሩን ያመለክታሉ፤ LT ሊቱዌኒያ ነው፣ የኔዘርላንድ NL ነው። NL መሆኑ ብቻ ግን ዋስትና አይሆንም፤ ሒሳባቸውን ለአጭበርባሪ የሚያከራዩ ሰዎች በእነዚህ ከተሞችም አሉ። ከፊደሉ ይልቅ የሚያስተማምነው ባንኩ ከመላክዎ በፊት የሚያደርገው የስምና የቁጥር ማመሳከሪያ ነው፤ ስሙ የዩኒቨርሲቲው ካልሆነ አይላኩ።

የመጨረሻው እርምጃ ዩኒቨርሲቲውን መጠየቅ ነው፤ በደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ ባለው አድራሻ። እዚህ ላይ ብዙ ዘመዶች ይሰናከላሉ። የግል መረጃ ሕጉ ስለሚከለክል ተቋሙ ስለ ልጁ ለአጎቱ አይናገርም። የሚጽፈው ልጁ ራሱ፣ ሲያመለክት በተጠቀመበት ኢሜይል መሆን አለበት። «አንተ አትጻፍ፣ እኛ እንጨርሰዋለን» የሚል ደላላ ካለ ምርመራው እዚያው አልቋል።

ከዚህ የረቀቀ ሁለተኛ ዓይነት አለ። ደብዳቤው እውነተኛ ነው፤ ተቋሙም አለ፤ ደላላው ግን ልጁ ራሱ ሊያቀርበው የሚችለውን የ5,000 ዩሮ ማመልከቻ «ስኮላርሺፕ አገኘሁልህ» ብሎ ይሸጣል፤ የቀረው 61,000 ከየት እንደሚመጣ አይናገርም። ሐሰተኛ ወረቀት ስለሌለበት ፖሊስ ብዙም አያገኝበትም። ጉዳቱ ግን ሊብስ ይችላል፤ ቤተሰቡ ለመጀመሪያው ዓመት ተበድሮ በሁለተኛው ዓመት ባዶ እጁን ይቀራልና።

አቋሜ ይህ ነው፦ ደላላው የሚኖረው በማስጠንቀቂያ እጦት ሳይሆን በመረጃ እጦት ነው። ስለዚህ በሦስቱ ከተሞች ያሉ ማኅበራት «ተጠንቀቁ» ከማለት ይልቅ በየዓመቱ መስከረም አንድ ገጽ በአማርኛ ያውጡ፤ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ዲግሪ ድጋፍ የሚሰጡትን ተቋማት፣ መጠኑንና ቀነ ገደቡን ያስፍሩ። ሙሉ ድጋፍ ለሚፈልገው ልጅም የሚገኝበትን ያመልክቱ፤ የሃንጋሪው «ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም»ና የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ የመጀመሪያ ዲግሪን ይሸፍናሉ፣ ለማመልከትም አያስከፍሉም። የስደተኝነት ፈቃድ ይዞ ኔዘርላንድ ውስጥ ለሚኖር ወጣት ደግሞ ከ1948 ጀምሮ ስደተኛ ተማሪዎችን የሚደግፈው ዩኤኤፍ አለ። ሐሰተኛ ደብዳቤዎችንም በየስልካችን ከምናቆያቸው ሰብስበን ፍሮደ ሄልፕዴስክ ለተባለው ብሔራዊ ተቋም እንላክ።

ለወንድሙ ልጅ «የኔዘርላንድ መንግሥት ለዚህ ደረጃ ሙሉ ስኮላርሺፕ አይሰጥም» ብሎ መናገር ለዘመድ ከባድ ነው፤ የሥሥት ሰበብ ይመስላል። ቃሉ ከአንድ አጎት አፍ ሳይሆን ከማኅበሩ የታተመ ገጽ ሲወጣ ግን ዘመዱ ከወቀሳ ይድናል፣ ልጁም ጊዜው ሳያልፍበት ወደ ሌላው በር ይዞራል።