ሁለት ሦስተኛው ከየት መጣ?

በጃንዋሪ 2025 መጀመሪያ የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ደወለችልኝ። እዚያ ሆቴል ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና አራት ዓመት ተኩል ሠርታ፣ በራሷ ፈቃድ ለቅቃለች። «ወንድሜ፣ አንተ ሂሳብ ታውቃለህ። እስቲ ይህን እይልኝ፤ ነገ ፈርሚ ብለውኛል» አለችኝ።

በስልክ የላከችልኝ ወረቀት ድምሩ 6,390 ድርሃም ይላል። እሷ የጠበቀችው ለአገልግሎቷ ብቻ 14,175 ነበር። ከሥር ደግሞ «ሙሉ ሂሳቤን ተቀብያለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል መፈረሚያ አለ። ሂሳቡን እስክናይ ድረስ እንዳትፈርም ነገርኳት።

መጀመሪያ የእሷን ስህተት አገኘሁ። በወር የምታገኘው 4,500 ድርሃም ነው። ውሏ ላይ ግን ይህ ገንዘብ ሦስት ቦታ ተከፍሏል፦ መሠረታዊ ደመወዝ 2,700፣ የቤት አበል 1,200፣ የትራንስፖርት አበል 600። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የግል ድርጅቶች የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ የሚሰላው በመሠረታዊው ደመወዝ ብቻ ነው። አበሎቹ አይቆጠሩም። ይህን ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። እኔም ብሆን ዝም እል ነበር።

በሌላ በኩል ሕጉ የሚጠቅማትም ነገር አለው። ስትቀጠር መሠረታዊ ደመወዟ 2,100 ነበር። ለሂሳቡ የሚያገለግለው ግን የመጨረሻው ደመወዝ ነው። ስለዚህ 2,700 ለመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ይሠራል።

አሁን ሂሳቡን ቀስ ብለን እንሥራ። 2,700ን ለ30 ስናካፍል የቀን ደመወዟ 90 ድርሃም ይሆናል። አንድ ዓመት የሞላው ሠራተኛ፣ እስከ አምስተኛው ዓመት ድረስ ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን ደመወዝ ያገኛል። (ከአምስት ዓመት በኋላ ላሉት ዓመታት 30 ቀን ይሆናል፤ እሷ ግን እዚያ አልደረሰችም።) 21 ጊዜ 90፣ 1,890 ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2020 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2024 አራት ዓመት ከስድስት ወር ነው። ያለ ደመወዝ የቀረችበት ቀን ቢኖር ከዚህ ይቀነስ ነበር፤ ጠየቅኳት፣ የለም አለች። ስለዚህ 1,890ን በ4.5 አባዛሁ፤ 8,505 ድርሃም መጣ።

የድርጅቱ ወረቀት ግን 5,670 ይላል። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ 5,670ን ለ8,505 አካፈልኩ። መልሱ በትክክል ሁለት ሦስተኛ ነው። እንዲህ ያለ ንጹሕ ቁጥር ሳይ የመደመር ስህተት ነው ብዬ አላምንም፤ የሆነ ደንብ አለ ማለት ነው። የሂሳብ ሠንጠረዡን እንድትጠይቅ አደረግኳት፤ ሲላክላት ቀመሩ እንዲህ ይላል፦

```
=2700/30*21*4.5*2/3
```

ይህ የድሮው ሕግ ነው። በ1980 በወጣው የሥራ ሕግ፣ የጊዜ ገደብ በሌለው ውል የሚሠራ ሰው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ በራሱ ከለቀቀ የሚያገኘው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነበር። ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው አዲሱ ሕግ ይህን ቅናሽ አስቀርቷል። ሕጉ ተቀየረ፣ ሠንጠረዡ ግን እንዳለ ቀረ። በእኔ ሥራ በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው።

የቀረው የዓመት እረፍቷ ነው። ወረቀቱ ከባለፈው ዓመት የተረፉትን 8 ቀናት ብቻ ቆጥሮ 720 ድርሃም ሰጥቷታል። የመጨረሻው ስድስት ወር «ዓመት አልሞላም» ተብሎ ተትቷል። ነገር ግን ሠራተኛ ሲለቅ ላልሞላው ዓመትም እንደሠራበት ጊዜ ይታሰብለታል። በዓመት 30 ቀን ከሆነ ለስድስት ወር 15 ቀን ነው። በጠቅላላው 23 ቀን ሆነ፤ ይህም በመሠረታዊ ደመወዝ በ90 ሲባዛ 2,070 ድርሃም ነው።

8,505 እና 2,070 ሲደመሩ 10,575 ይሆናሉ። የጎደለባት 4,185 ድርሃም ነበር።

ዘመድ ኖሯችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢያሳያችሁ፣ መጀመሪያ የት እንደሚሠራ ጠይቁ። በቤት ውስጥ ሠራተኝነት የተቀጠሩ ሰዎች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው። በዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከል ውስጥ ያሉ ድርጅቶችም የራሳቸው ደንብ አላቸው። ይህን ሂሳብ ለእነሱ አትጠቀሙበት።

የአክስቴ ልጅ ለድርጅቱ አጭር ደብዳቤ ጻፈች። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ ክፍያው ውሉ ካበቃ በ14 ቀን ውስጥ መጠናቀቅ እንዳለበትም ጠቀሰች። ካልሆነ ለሥራ ጉዳይ ሚኒስቴሩ አቤት ለማለት ተዘጋጅታ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን የተስተካከለ ወረቀት መጣላት። የዕረፍቱን ቀናት ደግማ ቆጠረች፣ ከዚያ ፈረመች።