ሳይነካ የሚያልቅ ባትሪ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2013 በለንደን ሂዝሮው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ወደ ጅራቱ ግድም፣ በጣሪያው በኩል እሳት ተነሣበት። የእንግሊዝ መርማሪዎች የእሳቱን መነሻ ያገኙት በአንድ አነስተኛ መሣሪያ ውስጥ ነው፦ አውሮፕላን ሲወድቅ ያለበትን ቦታ በሬዲዮ የሚያሳውቀው አስተላላፊ። በባትሪው ክዳን ሥር ተጨፍልቀው የነበሩ ሽቦዎች ሾርት ሳይፈጥሩ አልቀረም፤ የሊቲየም ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ባትሪው ኃይሉን በአንድ ጊዜ ለቅቆ ነደደ።

እንዲህ ሊነድ የሚችል ነገር ለምን እዚያ ተቀመጠ? ያ አስተላላፊ ዓመታት ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ፣ በተፈለገበት ሰዓት ሳያወላውል መነሣት ስላለበት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ባትሪው ምን ያህል ይይዛል ከሚለው ይልቅ ሳይነካ በየዓመቱ ምን ያህል ይጠፋበታል የሚለው ይበልጣል። ለቤታችን የእጅ ባትሪ፣ ለመኪናችንና ለክሊኒካችን የመጠባበቂያ መብራት ድንጋይ ስንገዛ ግን የምናነበው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው።

የተቀመጠ ባትሪ የሚደክመው በውስጡ የማንፈልገው ኬሚካዊ ሥራ ስለማያቆም ነው። ቻርጅ የሚደረገው ተራ የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋይ ሲሞላ አዎንታዊው ክፍሉ አይረጋም፤ ቀስ እያለ ኦክስጅን እየለቀቀ ይደክማል። ሌሎች ጥቃቅን ውሁዶችም ከአንዱ ዋልታ ወደ ሌላው እየተመላለሱ ኃይሉን ያባክናሉ። ሊቲየም በተቃራኒው ፈሳሹን ሲነካ ገጹ ላይ ስስ ሽፋን ያበጃል፣ ሽፋኑም ቀጣዩን መበላት ይገታል። ስለዚህ ጥሩ የሊቲየም ድንጋይ በመደበኛ ሙቀት የሚያጣው በዓመት 1 በመቶ ገደማ ነው። አልካላይን ከ2 እስከ 3 በመቶ ያጣል። ተራው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ግን በወር 20 በመቶ ሊያጣ ይችላል።

ይህን በአንድ የእጅ ባትሪ እናስላው። 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ሙሉ ድንጋይ፣ 500 ሚሊአምፔር ለሚስብ አምፖል አራት ሰዓት ይበቃል። በየወሩ ከቀረው 20 በመቶ ቢጠፋ፣ ከስድስት ወር በኋላ 520 ገደማ፣ ከዓመት በኋላ 140 ገደማ ይቀራል። አራት ሰዓት የነበረው መብራት ሩብ ሰዓት ሆነ ማለት ነው። አልካላይኑ ግን በዓመት 3 በመቶ ቢያጣ እንኳ ከአምስት ዓመት በኋላ 86 በመቶው አለ። ራስን የማፍሰስ ልማዱ የተሻሻለ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድም በገበያ ላይ አለ፤ ከዓመት በኋላ 85 በመቶ ያህል ይይዛል። ለየዕለት ሥራ እሱን እመርጣለሁ፣ ለአምስት ዓመት መደርደሪያ ግን አልመርጠውም።

ሙቀት ስሌቱን ያበላሸዋል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሚጠፋው መጠን በግምት እጥፍ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ላይ ዓመታት የሚቆይ ድንጋይ፣ ሰመራ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና መሳቢያ ውስጥ የዚያን ያህል አይቆይም።

ኬሚስትሪውን በትክክል መርጦም መሳሳት አለ። ብዙ ዘመናዊ የእጅ ባትሪዎች ማብሪያቸው ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ጠፍተውም ጥቂት ይስባሉ። 50 ማይክሮአምፔር ኢምንት ትመስላለች፤ በዓመት ግን 440 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ትበላለች። 2500 ሚሊአምፔር ሰዓት ከሚይዝ አልካላይን ይህ 18 በመቶ ገደማ ነው፣ ድንጋዩ ራሱ ከሚያጣው ብዙ እጥፍ። አልካላይን ደግሞ ሲያረጅ የሚያፈሰው አልካሊ የመሣሪያውን ነሐስና ብረት ይበላል። ስለዚህ ድንጋዮቹ ከመሣሪያው ወጥተው አጠገቡ ይቀመጡ።

በመለኪያ ማየት ብቻም አያስተማምንም። የአልካላይን ቮልቴጅ እያለቀ ሲሄድ ስለሚወርድ ጥቂት ይናገራል። የሊቲየምና የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ግን እስከ መጨረሻው ብዙም አይወርድም፤ አምፖል ሳይጫንበት የተለካ ድንጋይ ጤነኛ መስሎ ሊያታልል ይችላል። ጭነት ሰጥቶ ጥቂት ደቂቃ ማየት የተሻለ ነው፣ እሱም ቢሆን የቀረውን ዓመት አይነግርም።

የአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ ለዚህ ያገኘው መልስ ከመለካት ይልቅ ቀኑን ማመን ነው። የአስተላላፊው ባትሪ በድምሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሠራ ወይም አምራቹ ከሰጠው ጠቃሚ ዕድሜ ግማሹ ካለፈ መቀየር አለበት፤ ቀጣዩ የመቀየሪያ ቀንም በአስተላላፊው ውጪ በግልጽ ይጻፋል። ጤነኛ ባትሪ መጣል ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን የቀረው ግማሽ ለሙቀት፣ ለፋብሪካ ጉድለትና ለማናውቀው ሁሉ የተተወ ነው።

ለአደጋ ጊዜ መብራትዎ ሊቲየም ወይም አልካላይን ይግዙ፣ በቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ፣ በማሸጊያው ላይ የታተመውን የማብቂያ ዓመት አይተው የግማሹን ቀን በመሣሪያው ጀርባ በማይጠፋ ቀለም ይጻፉ። ያ ቀን ሲደርስ ድንጋዩን ለየዕለቱ ሬዲዮ ያውሉትና አዲስ ይተኩ።