በሩ ላይ ለቆሙት ሰዎች ምን ይመለስ? ሁለት መስመር ጽፎ ሙሉ ማርክ ስለሚገኝበት ፈተና

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የፍሬሽማን ተማሪዎች ከሚወስዷቸው የጋራ ኮርሶች አንዱ የሥነ ምግባርና የዜግነት ትምህርት ነው። እዚያ ውስጥ ሁለት ትልልቅ የአስተሳሰብ መንገዶች ይቀርባሉ። ውጤት ተኮሩ አንድን ድርጊት የሚመዝነው በሚያስከትለው ነገር ነው። ግዴታ ተኮሩ ደግሞ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ድርጊቱ ራሱ ሊደረግ የሚገባው ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ፈተና ሲደርስ አጭር ታሪክ ይሰጥና «በሁለቱም መንገድ መርምር» ይባላል። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ታሪክ፦

«አንዲት እናት ጎረቤቷን ቤቷ ውስጥ ደብቃዋለች። ሊገድሉት የሚፈልጉ ሰዎች እንዳሉ ታውቃለች። ሦስት ሰዎች በሩን አንኳኩተው ‹ከቤተሰቡ መልእክት ይዘንለት ነው፤ እዚህ አለ?› ይሏታል። ገዳዮቹ መሆናቸውን ለይታቸዋለች። እነሱ ግን እንደነቃችባቸው አያውቁም። ዝም ብትል ዝምታዋ ራሱ ‹አዎ አለ› ማለት ይሆንባታል። እውነቱን ትናገር ወይስ ትዋሽ? (10 ማርክ)»

ብዙ ጊዜ የሚጻፈው መልስ ሁለት መስመር ነው። «በውጤት ተኮር አስተሳሰብ መዋሸት አለባት፤ ሕይወት ይተርፋልና። በግዴታ ተኮር አስተሳሰብ መዋሸት የለባትም፤ ውሸት ስህተት ነውና።» አራሚው ሁለቱን ስሞችና ሁለቱን ድምዳሜዎች ካየ ማርኩን ይሰጣል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በዚህ መልስ ውስጥ ማሰብ የሚባል ነገር የለም። ተማሪው ለእያንዳንዱ መንገድ አንድ ድምዳሜ ለጥፏል እንጂ ከታሪኩ ተነስቶ ወደ ድምዳሜው የሄደበትን መንገድ አላሳየም። ታሪኩን በሌላ ቢቀይሩበት፣ ለምሳሌ የማይድን በሽታ ያለበትን ሕመምተኛ ስለሚያክም ሐኪም ቢጠየቅ፣ ያንኑ መልስ ስም ቀይሮ ይጽፋል። በየትኛውም ታሪክ ላይ የሚሠራ መልስ ደግሞ የትኛውንም ታሪክ አልመረመረም።

ነገሩን የሚያስገርመው ይህ ጥያቄ አዲስ አለመሆኑ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ለቤንጃሚን ኮንስታንት የመለሰው ስለዚሁ ጉዳይ ነው፤ ገዳይ በር ላይ ቆሞ ስለተደበቀ ሰው ሲጠይቅ ምን ይባላል? ጆን ስቱዋርት ሚልም እ.ኤ.አ. በ1861 ስለ ውጤት ተኮር ሥነ ምግባር ሲጽፍ ከክፉ አድራጊ መረጃ መደበቅን በምሳሌነት አንስቶታል። የሁለቱ ሰዎች ምርመራ ግን ከሁለት መስመር እጅግ የራቀ ነው።

ከውጤት ተኮሩ እንጀምር። ይህ መንገድ «ሕይወት ይተርፋል» ብሎ አይቆምም። መጀመሪያ አማራጮቹን ሁሉ ይዘረዝራል፦ እውነቱን መናገር፣ መዋሸት፣ ዝም ማለት። ታሪኩ ዝምታን ሆን ብሎ ዘግቶታል፤ ተማሪው ይህን ማስተዋሉን መጻፍ አለበት። ከዚያ የሚነኩትን ሰዎች ይቆጥራል። የተደበቀው ሰው ብቻ አይደለም የሚነካው። ሴትየዋ ራሷ አለች፤ እናት ናትና ልጆቿም አሉ። ሦስቱ ሰዎችም ቢሆኑ ከቁጥር አይወጡም፤ ይህ አስተሳሰብ የማንንም ደስታና ሥቃይ ከሌላው አያስበልጥምና። ቀጥሎ እያንዳንዱ ውጤት የመሆን ዕድሉንና ክብደቱን ያያይዛል። ሰዎቹ ቃሏን አምነው የመሄድ ዕድላቸው ምን ያህል ነው? ሳያምኑ ቀርተው ቤቱን ቢፈትሹና ሰውየውን ቢያገኙትስ? ያኔ የሚሞተው አንድ ሰው ላይሆን ይችላል።

እንዲህ ሲታሰብ ውጤት ተኮር መንገድ ሁልጊዜ «ዋሺ» እንደማይል ይታያል። ሰዎቹ በራሳቸው ብልሃት ተማምነው፣ ሴትየዋ እንዳልነቃችባቸው አስበው ከመጡ፣ የመታመን ዕድሏ ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ መዋሸት ያመዝናል። ፍተሻው አይቀሬ ከሆነ ግን ውሸቱ ማንንም አያድንም፤ ልጆቿን ለበቀል ሊያጋልጥ ይችላል። ሚልም ነገሩን በቀላሉ አላለፈውም። እውነት መናገር ማኅበረሰብ ከቆመባቸው ምሰሶዎች አንዱ ስለሆነ እያንዳንዱ ውሸት መተማመንን እንደሚሸረሽር አስጠንቅቆ፣ ልዩ ሁኔታውን የፈቀደው በጠባቡ ነው፤ መደበቁ ሌላውን ሰው ከማይገባው ትልቅ ጉዳት የሚያድን ሲሆንና ከመካድ በቀር ሌላ መደበቂያ መንገድ ሲጠፋ። የፈተናው ታሪክ ከዚህ ጋር በትክክል ይገጥማል፤ ዝምታ የተዘጋውም ለዚህ ነው።

ወደ ግዴታ ተኮሩ ስንመጣ የሁለት መስመሩ መልስ ይበልጥ ያሳፍራል። «ውሸት ስህተት ነው» ማለት ድምዳሜውን መድገም እንጂ ምክንያት መስጠት አይደለም። የካንት ዘዴ የራሱ እርምጃዎች አሉት። መጀመሪያ ሰውየው የሚሠራበት መመሪያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። ለምሳሌ፦ «ገዳይ ማንነቱን ደብቆ ስለሚያሳድደው ሰው ሲጠይቀኝ፣ ሰውየውን ለማዳን እዋሻለሁ።» ቀጥሎ ይህ መመሪያ የሁሉም ሰው ሕግ ቢሆን ራሱን ያፈርሳል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ብድር ለማግኘት በውሸት ቃል መግባት ራሱን የሚያፈርሰው ለዚህ ነው፤ ሁሉም ሰው ቢያደርገው ቃል የሚያምን አበዳሪ ስለማይኖር ውሸቱ ራሱ ከንቱ ይሆናል።

የሴትየዋ መመሪያስ? አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ክሪስቲን ኮርስጋርድ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው ጽሑፍ ያሳየችው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። ገዳዩ ማንነቱን እስከደበቀ ድረስ የሚጠየቀው ሰው እንደነቃበት አያስብም። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንዲህ ላለ ገዳይ እንደሚዋሽ ቢታወቅ እንኳን፣ ይህኛው ገዳይ «እኔን አላወቀችኝም» ብሎ ቃሏን ያምናል። መመሪያው ሁሉን አቀፍ ሲሆንም መሥራቱን ይቀጥላል። በዚህ መለኪያ ውሸቱ ይፈቀዳል ማለት ነው፤ ያውም በራሱ በካንት መሣሪያ። ሰውን መጠቀሚያ አታድርግ በሚለው ሁለተኛው የካንት መለኪያ ግን መልሱ ይጠብቃል፤ የተዋሸበት ሰው በራሱ አእምሮ የመወሰን ዕድሉን ተነጥቋልና። ሁለቱ መለኪያዎች የተለያየ ነገር ሲናገሩ ማየት ከአሥሩ ማርክ ቢያንስ ሦስቱን የሚያስገኝ ቁም ነገር ነው።

ካንት ራሱ በ1797ቱ ጽሑፍ አትዋሽ ብሎ ጸንቷል። ምክንያቱ ግን «ውሸት ስህተት ነው» የሚል ባዶ ቃል አልነበረም። እውነት የተናገረ ሰው ያልታሰበ ነገር ቢከተል አይጠየቅበትም፤ የዋሸ ግን ከውሸቱ የሚመጣውን ሁሉ ይሸከማል ይላል። «የለም» ብለህ ስትዋሽ ሰውየው ሳታውቅ በጓሮ ወጥቶ ኖሮ ገዳዩ ሲመለስ መንገድ ላይ ቢያገኘው፣ ሞቱ ባንተ ላይ ነው ይላል። ይህን ሐሳብ መቃወም ይቻላል፤ ብዙዎችም ተቃውመውታል። ለመቃወም ግን መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። ስኮትላንዳዊው ደብሊው ዲ. ሮስ እ.ኤ.አ. በ1930 ሌላ መንገድ አሳየ፤ ግዴታዎች ብዙ ናቸው፣ አንዳንዴም ይጋጫሉ፣ በእያንዳንዱ ጉዳይ የትኛው እንደሚከብድ በማስተዋል ይወሰናል። በሮስ መንገድ ሄዶ «ትዋሽ» የሚል ተማሪ ግዴታ ተኮር ነው እንጂ አልተሳሳተም። «ግዴታ ተኮር = አትዋሽ» የሚል የመልስ ቁልፍ ይህን ተማሪ ዜሮ ይሰጠዋል።

እንግዲህ ተማሪው ገብቶት መጻፉ በምን ይለያል? መፍትሔው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ነው፦ «ከታሪኩ አንድ ነገር ቀይር፤ የአንዱ መንገድ ምርመራ ይለወጥ፣ የሌላው ይቆይ።» ለምሳሌ ቤቱ መፈተሹ የማይቀር ነው ቢባል የውጤት ስሌቱ ይገለበጣል፤ የሴትየዋ መመሪያ ግን አንድ ቃል አይለወጥም። በተቃራኒው ሴትየዋ ለጎረቤቷ «አሳልፌ አልሰጥህም» ብላ ቃል ገብታ ነበር ቢባል፣ በር ላይ የሚከተለው ነገር ያው ሆኖ ሳለ በሮስ ሚዛን ላይ ቃልን የመጠበቅ ግዴታ ይጨመራል። ይህን መመለስ የሚችል ተማሪ እያንዳንዱ መንገድ ዓይኑን የሚጥለው ምን ላይ እንደሆነ ገብቶታል። የሸመደደ ተማሪ እዚህ ጋ ይቆማል።

«አንድ መምህር ስንት መቶ ወረቀት ያርማል? ምርጫ ካልሆነ አይቻልም» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፤ ግን ይህ ጥያቄ በምርጫም ይወጣል። «ከሚከተሉት ውስጥ የውጤት ተኮሩን መልስ ሊለውጥ የሚችለው የትኛው ነው? ሀ) ሴትየዋ ቃል ገብታ እንደነበር፣ ለ) ሰዎቹ ቤቱን መፈተሻቸው እንደማይቀር፣ ሐ) ውሸት በሃይማኖቷ የተከለከለ እንደሆነ፣ መ) ሰውየው ከዚህ በፊት ውለታ እንደዋለላት።» መልሱ ለ ነው። ማረሚያው እንደማንኛውም ምርጫ ቀላል ነው፤ የሚለካው ግን ሽምደዳን ሳይሆን ማስተዋልን ነው። ጽሑፍ ለሚያርም መምህር ደግሞ ድምዳሜው ከአሥር ሁለት ማርክ ይበቃዋል። ቀሪው ስምንት ለእርምጃዎቹ ይሁን።

ይህ የክፍል ውስጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከዚህ ኮርስ የወጣ ወጣት ነገ ቀበሌ፣ ፍርድ ቤት ወይም ሚኒስቴር ይገባል። እዚያ «ለብዙኃኑ ጥቅም ሲባል» የሚል ወረቀት ይደርሰዋል። ውጤት ተኮርን በሁለት መስመር የተማረ ሰው ይህ ሐረግ በራሱ ምክንያት ይመስለዋል። በትክክል የተማረው ግን ይጠይቃል፦ ማን ተቆጠረ? የሚነሡት ሰዎችስ ተቆጥረዋል? የታሰበው ጥቅም የመገኘት ዕድሉ ስንት ነው? ሌላ አማራጭ ታይቷል? «መርህ ነው» ሲባልም ዝም አይልም፤ መርሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍልኝ፣ ለሌላውም ለእኔም እኩል ይሠራ እንደሆነ እንይ ይላል።

ሁለት መስመር ጽፎ ሙሉ ማርክ ያገኘ ተማሪ የተማረው ሌላ ነገር ነው፤ ለማንኛውም ድርጊት የሚሆን የንድፈ ሐሳብ ስም እንደማይጠፋ። በር ላይ የቆሙ ሰዎች ሲመጡ ደግሞ ይህ ዕውቀት ለተደበቀው አይጠቅመውም። ለሚያንኳኩት እንጂ።