«ጥሩ ልጅ ነው» ሪፈረንስ አይደለም

በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች በየቀኑ የሚደጋገም አንድ የስልክ ንግግር አለ። ደዋዩ «እገሌ እናንተ ጋ ይሠራ ነበር?» ይላል። «አዎ፣ ሠርቷል።» «እንዴት ነው ታዲያ?» «ጥሩ ልጅ ነው። ፀባዩ ምንም አይልም።» «እሺ፣ እናመሰግናለን።» ሁለት ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ቀጣሪው ኃላፊ ስልኩን ይዘጋና ቅጹ ላይ «ሪፈረንስ ተጣርቷል» ብሎ ይፈርማል።

ምን ተጣራ? ምንም። ሰውየው በሕይወት መኖሩና ሰው አለመሳደቡ ታወቀ እንጂ ሥራ መቻሉ አልታወቀም። ከስድስት ወር በኋላ ነገር ሲበላሽ ደግሞ ያው ኃላፊ «ምን ይደረግ፣ የእኛ ሰው እውነቱን አይናገርም፣ ይሉኝታ ይይዘዋል» ይላል። ይህ ሰበብ ነው። ይሉኝታ መኖሩ እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን በአብዛኛው የመላሹ ሳይሆን የጠያቂው ነው። ባዶ ጥያቄ የጠየቀ ባዶ መልስ ያገኛል።

መጀመሪያ ወረቀቶቹን እንመልከት፤ ብዙ መሥሪያ ቤት በእነሱ ተማምኖ ነውና ስልኩን የሚያቃልለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያስገድዳል። በወረቀቱ ላይ እንዲሰፍር የሚጠይቀው ግን የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን ነው። ስለ ብቃት እንዲጻፍ አያስገድድም። «በመልካም ሥነ ምግባር ሲያገለግሉ ቆይተዋል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ጸሐፊዋ ከድሮው ደብዳቤ የምትገለብጣት ናት፤ ለታታሪውም ለሰነፉም እኩል ትታደላለች። ክሊራንስ ደግሞ የሚናገረው ሰውየው የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ማስረከቡን ብቻ ነው። ዋስም ቢሆን ጥፋት ሲደርስ ገንዘብ ይከፍላል እንጂ ሥራ አይሠራም። ስለዚህ ሰውየው ሥራውን እንዴት እንደሠራ የሚያውቀው አብሮት የሠራው አለቃ ብቻ ነው፤ እሱን ለማናገር ያለው ዕድል ደግሞ ያቺ የስልክ ጥሪ ናት።

ታዲያ ያ አለቃ ለምን ያድበሰብሳል? ምክንያት አለው። ደዋዩን አያውቀውም። ክፉ ቢናገር «የሰው እንጀራ ዘጋ» ይባላል፤ ወሬው ተመልሶ ሠራተኛው ጆሮ ይደርሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ስም ማጥፋትን በኃላፊነት የሚያስጠይቅ ጥፋት አድርጎታል። እውነቱን በመናገሩ የሚያገኘው ጥቅም ደግሞ የለም። እንዲህ ያለውን ሰው «እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ «ፍረድ» ማለት ነው። ፍርድ ሲጠየቅ ይሸሻል። የሆነውን ነገር ሲጠየቅ ግን ይናገራል፤ የሆነን ነገር መናገር ሐሜት አይመስለውምና። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። አንድ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ የመጋዘን ኃላፊ ይፈልጋል እንበል። ብልህ ቀጣሪ ስልክ ከማንሳቱ በፊት ይህ መደብ የሚወድቅበትን ነገር ይጽፋል። ለመጋዘን ኃላፊ ይህ ሦስት ነገር ነው፦ በካርድ ያለውና በመደርደሪያ ያለው ዕቃ መገናኘት፣ ያለ ወረቀት ዕቃ አለማውጣት፣ የጉልበት ሠራተኞችን መምራት። የሚጠይቀውም እነዚህን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ተወዳዳሪውን ራሱን ያነጋግራል። «የቀድሞ አለቃህን ልንጠይቅ ነው፤ ትፈቅዳለህ? ስለ መጨረሻው ቆጠራ ብንጠይቃቸው ምን የሚሉን ይመስልሃል?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን ሰውየው አለቃው እንደሚደወልላቸው ስላወቀ ነገሩን አሳምሮ ለመናገር አይደፍርም። ኋላም የሁለቱን ቃል ማነጻጸር ይቻላል። ከዚያ የሚደወለው በሲቪው ላይ ባለው የሞባይል ቁጥር ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ ስልክ በኩል ነው። «የቀድሞ ሱፐርቫይዘሬ» ተብሎ የተጻፈው ሰው አንዳንዴ የሰፈር ጓደኛ ሆኖ ይገኛልና።

አሁን ንግግሩ ይጀመር። አለቃው እንደተለመደው «ጥሩ ልጅ ነው» ይላሉ። ቀጣሪው አይከራከርም፤ ወደ ሥራው ይመልሳቸዋል። «ደስ ይላል። ቆጠራ በዓመት ስንት ጊዜ ታደርጉ ነበር?» «ሁለት ጊዜ።» «በመጨረሻው ቆጠራ ካርዱና ዕቃው ተገናኘ?» «ያው ትንሽ ልዩነት ነበር።» «ትንሽ ሲሉ ምን ያህል? ልዩነቱንስ መጀመሪያ ያገኘው ማን ነው፣ እሱ ወይስ ኦዲተሩ?» «ኧረ እሱ ራሱ ነው። ሁለት ዓይነት ፊልትሮ ተደባልቆ ነበር፤ ኦዲተሩ ሳይመጣ አምጥቶ ነገረኝ።» «ለምን ተደባለቀ?» «ጥድፊያ ሲሆን ዕቃውን ያወጣና ወረቀቱን ማታ ይሞላል። እሱ ላይ ትንሽ ችግር አለበት።» «ማን ይከታተለው ነበር?» «የሒሳብ ሠራተኛዋ በየሳምንቱ ካርዱን ትመለከትለት ነበር።»

እነሆ፣ «ጥሩ ልጅ ነው» ተብሎ ሊዘጋ የነበረው ስልክ ምን ያህል ነገር አወጣ! ሰውየው ስህተቱን አይደብቅም፤ በጥድፊያ ጊዜ ግን ወረቀት ያዘገያል፤ በየሳምንቱ የሚያየው ሰው ካለ ይሠራል። አለቃው በማንም ላይ አልፈረዱም፤ የሆነውን ተናገሩ። የመጨረሻው ጥያቄ «ቦታው ዛሬ ቢከፈት መልሰው ይቀጥሩታል?» ነው። «አዎ» ከተባለ «ለየትኛው መደብ?» ይከተላል። «ለመጋዘን አዎ፤ ብቻውን ግን አልተወውም» የሚል መልስ ከአሥር የምስጋና ደብዳቤ ይበልጣል።

የተድበሰበሰ መልስም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው ስለ ሥራ ሲጠየቅ ስለ ፀባይ የሚመልስ ነው፤ እሱን በተጨባጭ ሥራ ላይ ወዳለ ጥያቄ መመለስ ነው። ሁለተኛው «ትንሽ»፣ «አንዳንዴ»፣ «ያው» የሚል ነው፤ እነዚህ ቃላት በር ናቸውና «ስንት?»፣ «መጨረሻ የሆነው መቼ ነው?» ብሎ ማንኳኳት ይገባል። ሁለት ጊዜ ተጠይቆ አንድም ምሳሌ ያልተገኘለት ምስጋና ምስጋና ሆኖ አይቆጠር፤ ምናልባት መላሹ ሰውየውን በቅርብ አያውቀውም፤ «በስንት ጊዜ ትገናኙ ነበር?» ቢባል ይታወቃል። ሦስተኛው «እኛ የምንሰጠው መደቡንና ቀኑን ብቻ ነው» የሚል ነው። ይህ የመሥሪያ ቤት ደንብ ሊሆን ይችላል፤ «ለሁሉም እንዲህ ነው?» ብሎ መጠየቅና «አዎ» ከተባለ በሠራተኛው ላይ ሳይቆጥሩ ማለፍ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1994 የጌቶች ምክር ቤት «ስፕሪንግ» በተባለው ክስ ላይ አሠሪ በቸልተኝነት ለሰጠው የተሳሳተ ሪፈረንስ ሊጠየቅ እንደሚችል ወስኗል። እንዲህ ያለ ተጠያቂነት ባለበት አገር ጥንቁቅ ድርጅት ቀንና መደብ ብቻ ተናግሮ ዝም ቢል አይገርምም።

አራተኛው ግን አደገኛው ነው። ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ «እሱን እንኳ ተዉት።» የብዙ ሰው እንጀራ የተዘጋው በዚህች ቃል ነው። ደዋዩ «ገባኝ» ይልና ስሙን ይሰርዛል። ምን ገባው? ሰውየው ሰርቆ ይሆናል፤ ወይም ያልተከፈለውን ትርፍ ሰዓት ስለጠየቀ ከአለቃው ጋር ተኳርፎ ይሆናል። «ተዉት» ሁለቱንም ትመስላለች። ስለዚህ «በሥራ ምክንያት ነው ወይስ በሌላ? አንድ የሆነ ነገር ሊነግሩኝ ይችላሉ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። መልስ ካልተገኘ አብሮት የሠራ ሁለተኛ ሰው ይጠየቅ፤ ተጨባጭ ክስ ከተሰማም ማን እንደተናገረ ሳይገለጽ ለተወዳዳሪው ተነግሮ መልሱ ይደመጥ። ይህን የማያደርግ ቀጣሪ የሚያጣራው ሪፈረንስ ሳይሆን ሐሜት ነው።

ሐሜት ስንል ደግሞ ሳይነገር የማይታለፍ አለ። «የት አገር ልጅ ነው?»፣ «ትዳር አላት? ልትወልድ ነው እንዴ?»፣ «ከነማን ጋር ነው የሚውለው?» የሚሉ ጥያቄዎች በሪፈረንስ ስም ስልክ ላይ ይጠየቃሉ። አንዳቸውም ስለ ካርድና ስለ ዕቃ የሚናገሩት የለም። አሁን ለሚሠራበት መሥሪያ ቤት ሳያስፈቅዱ መደወልም እንዲሁ ነው፤ አዲሱን ሥራ ሳያገኝ ያለውን ሊያሳጣው ይችላል። የአሁኑ አለቃ የሚጠየቀው በመጨረሻ፣ በፈቃዱ፣ ቅጥሩ ሊጸድቅ ሲል ነው።

«ይህን ሁሉ የምናደርግበት ጊዜ የለንም» ይባል ይሆናል። ለአርባ አመልካች ማድረግ በእርግጥ አይቻልም፤ ማንም አልጠየቀም። ለመጨረሻዎቹ ሁለት ተወዳዳሪዎች ለእያንዳንዳቸው ሁለት አለቆችን ማነጋገር፣ ለአንዱ ሃያ ደቂቃ ቢወስድ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። በስህተት የተቀጠረን ኃላፊ ለማሰናበትና አንድ መጋዘን እንደገና ለመቁጠር ስንት ቀን እንደሚሄድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ስልኩ ሁሉን አይነግርም፤ ይህም ሊሰመርበት ይገባል። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ሽሚትና ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1998 የብዙ ዓመታት ጥናቶችን ሰብስበው ሲያነጻጽሩ፣ ሪፈረንስ የወደፊትን የሥራ ውጤት የመተንበይ አቅሙ 0.26፣ ሥራውን አሠርቶ መፈተን ግን 0.54 ሆኖ አግኝተውታል። ስለዚህ የመጋዘን ኃላፊውን ካርድና ዕቃ ሰጥቶ ለግማሽ ቀን ማስቆጠር ከስልኩ በፊት ይቅደም። ስልኩ የሚጠቅመው ፈተናው የማያሳየውን ለማወቅ ነው፦ ማንም ሳያየው፣ በጥድፊያ ቀን፣ ሲሳሳት ምን እንደሚያደርግ።

ይህን ለማወቅ የማይፈልግ ቀጣሪ ስልኩን ባይደውል ይሻለዋል። ያልተጣራውን «ተጣርቷል» ብሎ ከመፈረም «አላጣራሁም» ማለት ቢያንስ ውሸት አይደለም።